ከግራፉ ሥር ያለችው ጽሑፍ

ስለ አየር ንብረት ለውጥ በሚያወሩ የሳይንስ መጻሕፍት ውስጥ ደጋግሞ የሚታይ አንድ ግራፍ አለ። ከግራ ወደ ቀኝ ሽቅብ የሚወጣ፣ እየወጣም ከፍና ዝቅ፣ ከፍና ዝቅ የሚል መስመር ነው። የኪሊንግ ግራፍ ይባላል። አሜሪካዊው ሳይንቲስት ቻርልስ ዴቪድ ኪሊንግ እ.ኤ.አ. በማርች 1958 በሐዋይ ደሴት፣ ማውና ሎዋ በተባለ ተራራ ላይ በአየር ውስጥ ያለውን የካርቦንዳይኦክሳይድ መጠን መለካት ጀመረ። ልኬቱ እስከ ዛሬ ቀጥሏል፤ ግራፉም የዚያ ሁሉ ዓመት መዝገብ ነው። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት በሙሉ በግራፉ ላይ እንዳሉት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ግራፉን ያየ ተማሪ ምን ይላል ቢባል፣ «እየጨመረ ነው» ይላል። ልክ ነው። ችግሩ ከግራፉ ጋር የሚመጡት ጥያቄዎች አብዛኞቹ ይህን አለመጠየቃቸው ነው። በስንት ጨመረ? በየትኛው ወር ይበዛል? የሚጨምረው በአንድ ዓይነት ፍጥነት ነው ወይስ ፍጥነቱም እያደገ ነው? ምክንያቱስ ምንድን ነው? የእነዚህ ጥያቄዎች መልሶች አንድ ቦታ አይገኙም። የአንዱ በመስመሩ ላይ ነው፣ የሌላው በሠንጠረዡ ውስጥ፣ የሌላው ከሥር በደቃቅ ፊደል በተጻፈችው መግለጫ ላይ። ግራፉ ውስጥ ጭራሽ የሌለ፣ ከምንባቡ ብቻ የሚገኝም አለ። ጥያቄው የትኛውን እንደሚጠይቅ ሳይለዩ ወደ መስመሩ መሮጥ ለስህተት ይዳርጋል።

ስለዚህ ከመግለጫዋ እንጀምር። ከዚህ ግራፍ ሥር ብዙ ጊዜ የሚጻፈው፣ በእኛ ቋንቋ ሲነገር፣ ይህን የመሰለ ነው፦

«በማውና ሎዋ የተለካ የካርቦንዳይኦክሳይድ መጠን፣ በደረቅ አየር፣ በፒፒኤም። ቀዩ መስመር የየወሩ አማካይ ነው፤ ጥቁሩ መስመር የወቅቶች መዋዠቅ ከተቀነሰ በኋላ ያለው ነው።»

አጭር ናት፤ ግን እያንዳንዱ ቃል አንድ ጥያቄ ይመልሳል። «በማውና ሎዋ» ሲል የተለካው በአንድ ቦታ እንጂ በመላው ዓለም እንዳልሆነ እየነገረን ነው። ቦታው የተመረጠው ያለ ነገር አይደለም። የመለኪያ ጣቢያው በውቅያኖስ መካከል፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3400 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከከተማ ጭስና ከደን ርቆ ይገኛል። የሚደርሰው አየር ረጅም መንገድ ተጉዞ በሚገባ የተደባለቀ በመሆኑ ከአንድ ፋብሪካ ወይም ከአንድ ጫካ ይልቅ ሰፊውን ከባቢ አየር ይወክላል። ሆኖም «በግራፉ መሠረት በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ያለው መጠን ስንት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ካለ፣ ግራፉ መልስ የለውም።

«በደረቅ አየር» ማለት የውኃው ትነት ከአየሩ ከተወገደ በኋላ ተለካ ማለት ነው። በአየር ውስጥ ያለው ትነት ከቀን ቀን በጣም ይለዋወጣል። እርጥብ አየር እንዳለ ቢለካ፣ ካርቦንዳይኦክሳይዱ ሳይነካ ትነቱ በበዛበት ቀን ድርሻው ያነሰ ይመስል ነበር። ፒፒኤም ደግሞ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውሎች ስንቱ ካርቦንዳይኦክሳይድ እንደሆነ የሚናገር መለኪያ ነው። 414 ፒፒኤም ማለት ከሚሊዮን 414 ነው፤ ወደ መቶኛ ሲለወጥ 0.0414 በመቶ ይሆናል። በፈተና ምርጫዎች ውስጥ 41.4 በመቶ ወይም 4.14 በመቶ የሚል መልስ ሲቀመጥ መግለጫዋን የዘለለውን ሰው ለመያዝ ነው።

ከመግለጫዋ ቀጥሎ የሚነበቡት ሁለቱ መስመሮች፣ አግድሙና ቋሚው ናቸው። አግድሙ ዓመታቱን ይዟል፤ ብዙ አያስቸግርም። ቋሚው ግን በደንብ ይታይ። በአብዛኛው የሚጀምረው ከዜሮ ሳይሆን ከ310 ፒፒኤም አካባቢ ነው። ይህ ምን እንደሚያደርግ በቁጥር እንየው። ቋሚው መስመር ከ310 እስከ 430 የተዘረጋ ነው እንበል። በ1960 የነበረው መጠን 317 ነበር፤ ስለዚህ ነጥቡ ከግራፉ ወለል በላይ 7 ክፍል ብቻ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። በ2020 መጠኑ 414 ሆነ፤ ይህ ነጥብ ደግሞ ከወለሉ 104 ክፍል ከፍ ይላል። ዓይን የሚያነጻጽረው እነዚህን ሁለት ከፍታዎች ነውና በ60 ዓመት ውስጥ ወደ 15 እጥፍ ያደገ ይመስለዋል። እውነተኛው ጭማሪ ግን 414 ሲቀነስ 317፣ ማለትም 97 ፒፒኤም ነው። 97 ለ317 ሲካፈል 31 በመቶ ገደማ ይመጣል። አንድ ሦስተኛ እንኳን አልሞላም።

ታዲያ ግራፉን የሠሩት ሰዎች ሊያታልሉን ነው? አይደለም፤ ይህን ለይቶ መናገር ያስፈልጋል። ቋሚው ከዜሮ ቢጀምር ኖሮ መስመሩ በሙሉ ከላይኛው ጠርዝ አጠገብ ተጨፍልቆ፣ የየዓመቱ ከፍና ዝቅ በዓይን የማይለይ ይሆን ነበር። በመስመር ግራፍ የምናነበው የመስመሩን አቅጣጫና ለውጥ በመሆኑ፣ ቁጥሮቹ በግልጽ እስከተጻፉ ድረስ ከዜሮ አለመጀመር ጥፋት አይደለም። የባር ግራፍ ሲሆን ነገሩ ይለያል። እዚያ የባሩ ርዝመት ራሱ መጠኑን ይናገራል፤ ከታች ሲቆረጥ ርዝመቱ ይዋሻል። እኔ ተማሪዎችን ባስተምር፣ የመጀመሪያውን ጥያቄ ከመመለሳቸው በፊት ጣታቸውን በቋሚው መስመር ግርጌ ላይ አስቀምጠው ያለውን ቁጥር ጮክ ብለው እንዲያነቡ አደርግ ነበር።

ከግራፍ ላይ ቁጥር ሲነበብም ገደብ አለ። ቋሚው በየ20 ፒፒኤሙ ብቻ ምልክት ከተደረገበት፣ ነጥቡ በ400 እና በ420 መካከል የት ላይ እንዳለ በዓይን ገምተን «ወደ 415» ማለት እንችላለን። «413.7» የሚል ሰው ግራፉ ያልሰጠውን እየተናገረ ነው። እንዲህ ያለ ጥራት የሚገኘው ከሠንጠረዥ ነው።

አሁን ወደ መስመሩ መዋዠቅ እንምጣ፤ ብዙ መልስ የሚበላሸው እዚህ ነው። በ2020 የሜይ ወር አማካይ ወደ 417 ፒፒኤም ነበር። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወደ 411 ወረደ። ሁለቱን ነጥቦች ብቻ ያየ ሰው «በአራት ወር ውስጥ 6 ፒፒኤም ቀነሰ» ይላል። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ ከዚህ ተነሥቶ «መጠኑ መቀነስ ጀምሯል» ማለት ግን ስህተት ነው። በየዓመቱ እንዲሁ ይሆናልና። ከምድር ወገብ በስተሰሜን ያለው የምድር ክፍል ሰፊ የብስና ሰፊ ደን አለው። በዚያ ያሉት ዛፎችና ሣሮች ከሜይ በኋላ ቅጠል አውጥተው በብርሃን ምግባቸውን ሲሠሩ ካርቦንዳይኦክሳይድን ከአየር ይወስዳሉ፤ መጠኑ እስከ ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ይወርዳል። ከዚያ ብርዱ ሲመጣ እድገቱ ይቆማል፣ የረገፈው ቅጠል ይበሰብሳል፣ ጋዙም ወደ አየር ይመለሳል። መጠኑ እንደገና እስከ ሜይ ይወጣል።

ይህን መጀመሪያ ሲያይ ኪሊንግ ራሱ ተጨንቆ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ወራት ቁጥሮች ወጣ ገባ ሲሉበት መጠኑ ጭራሽ ሥርዓት የሌለው ሊሆን ነው ብሎ ሰግቷል። ሥርዓቱ የታየው ልኬቱ ዓመት ዞሮ ያው ከፍታና ያው ዝቅታ በዚያው ወር ሲመለስ ነው። ለአንባቢም ትምህርቱ ይኸው ነው፦ የሚዋዥቅ መስመር ላይ ሁለት ነጥቦችን ስናነጻጽር ከተመሳሳይ ወር መሆን አለባቸው። የ2019ን ሜይ ከ2020 ሜይ ጋር ስናስተያይ 415 ወደ 417 ወጥቶ እናገኘዋለን። በሁለት ፒፒኤም ጨምሯል እንጂ አልቀነሰም። ጥቁሩ መስመር የተሳለውም ለዚህ ነው። ጥያቄው «በሜይ 2020 ስንት ነበር?» ካለ ቀዩን እናነባለን፣ 417 ነው። «የረጅም ጊዜ አካሄዱ ምን ይመስላል?» ካለ ደግሞ ጥቁሩን እንከተላለን። የትኛው ቀለም የቱ እንደሆነ የምትነግረን መግለጫዋ ብቻ ናት።

አሁን ደግሞ ሠንጠረዡ።

በማውና ሎዋ የተለካ የካርቦንዳይኦክሳይድ ዓመታዊ አማካይ (ፒፒኤም፣ ወደ ሙሉ ቁጥር የተጠጋጋ)

| ዓመት | መጠን |
|---|---|
| 1960 | 317 |
| 1970 | 326 |
| 1980 | 339 |
| 1990 | 354 |
| 2000 | 370 |
| 2010 | 390 |
| 2020 | 414 |

«የሚጨምረው በአንድ ዓይነት ፍጥነት ነው?» የሚለውን ጥያቄ ከግራፉ ላይ በዓይን መመለስ ይከብዳል፤ መስመሩ ትንሽ ጎበጥ ያለ ነው፣ ግን ምን ያህል? ሠንጠረዡ ላይ መልሱ በማስታወሻ ደብተር ጠርዝ ላይ የሚሠራ የመቀነስ ሥራ ነው። ከ1960 እስከ 1970 ጭማሪው 9 ነው። ቀጥሎ ያሉት አሥር አሥር ዓመታት 13፣ 15፣ 16፣ 20 እና 24 ጨምረዋል። ጭማሪው ራሱ እየጨመረ ነው። መጀመሪያ ላይ በዓመት ከ1 ፒፒኤም በታች ነበር፣ በመጨረሻው አሥር ዓመት በዓመት 2.4 ደረሰ። ሠንጠረዥ ሲሰጠን ሁለቱ ዓምዶች ላይ የሌለ ሦስተኛ ዓምድ፣ የልዩነቶቹን ዓምድ፣ በእጃችን መጨመር ብዙ ጥያቄ ይፈታል።

ከዚህ የሚከተሉ ሁለት ጥያቄዎች አሉ፤ ይመሳሰላሉ፣ አደጋቸው ግን እኩል አይደለም። አንደኛው በተሰጡት ቁጥሮች መካከል ያለውን መገመት ነው። «በ1985 ስንት ነበር?» ሲባል፣ 1985 በ1980 እና በ1990 መካከል ስለሆነ የ339 እና የ354ን አማካይ እንወስዳለን፤ 346.5 ይመጣል። በዚያ ዓመት የተለካው አማካይ ወደ 346 ነው። በቅርብ በሚገኙ ሁለት ነጥቦች መካከል ያለ ግምት እንዲህ ጥሩ የሚሆነው መስመሩ በዚያች አጭር ርቀት ቀጥ ያለ ሊባል ስለሚችል ነው።

ሁለተኛው ከሠንጠረዡ ውጭ መውጣት ነው። «በ2024 ስንት ይሆናል?» ተብሎ በሠንጠረዡ ብቻ ቢጠየቅ፣ አንድ ተማሪ የ60 ዓመቱን ጭማሪ፣ 97ን፣ ለ60 አካፍሎ በዓመት 1.6 ያገኛል። በአራት ዓመት 6.4 ጨምሮ 420 ገደማ ይላል። ሌላዋ ተማሪ የመጨረሻውን አሥር ዓመት ፍጥነት፣ 2.4ን፣ ትወስዳለች፤ 9.6 ጨምራ ወደ 424 ትደርሳለች። በ2024 የተለካው አማካይ ወደ 425 ነበር። የመጀመሪያው ተማሪ የሒሳብ ስህተት አልሠራም። የተሳሳተው ሠንጠረዡ «ፍጥነቱ እያደገ ነው» እያለው ፍጥነቱ ሁልጊዜ አንድ እንደሆነ አድርጎ በማስላቱ ነው። ሁለተኛዋም ብትሆን በጥቂቱ አንሳለች፤ ምክንያቱም ያው ነው።

ምንባቡና ግራፉ የሚጋጩ የሚመስሉበት ቦታም አለ። ምንባቡ በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት መኪኖች ቆሙ፣ አውሮፕላኖች አረፉ፣ በዓለም ዙሪያ ከነዳጅና ከድንጋይ ከሰል የሚወጣው ካርቦንዳይኦክሳይድ 5 በመቶ ገደማ ቀነሰ ይላል። ግራፉ ግን በ2019 412፣ በ2020 414፣ በ2021 ደግሞ 416 ያሳያል። ጥያቄው፦ «ምንባቡና ግራፉ ይጋጫሉ?» ብዙ ሰው ይጋጫሉ ይላል፤ አንዳንዱም ከሁለቱ አንዱን ይጥላል። ሁለቱ ግን የሚናገሩት ስለ አንድ ነገር አይደለም። ምንባቡ የሚናገረው በዓመት ወደ አየር ስለሚገባው ነው፤ ግራፉ ያሳየው በአየር ውስጥ ተጠራቅሞ ስላለው ነው። በርሜል ላይ የተከፈተ ቧንቧ በጥቂቱ ሲጠበብ በበርሜሉ ውስጥ ያለው ውኃ አይጎድልም፤ ከፍ ማለቱን ይቀጥላል፣ ትንሽ ቀስ ብሎ ብቻ። የገባው በ5 በመቶ ቢቀንስም ገና 95 በመቶው እየገባ ነበር። ይህን ለመለየት የሚረዳው የቋሚው መስመር መለኪያ ነው። ፒፒኤም የክምችት መለኪያ ነው፤ በዓመት የሚለቀቀው ግን የሚጻፈው በዓመት በቢሊዮን ቶን ነው። «በዓመት» የሚለው ቃል መኖር አለመኖሩ ብቻውን ብዙ ይነግራል።

«ምክንያቱ ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄም ግራፉ ዝም ነው። ግራፉ ላይ ጊዜና መጠን እንጂ የድንጋይ ከሰል የለም፣ መኪና የለም፣ የተቆረጠ ደን የለም። ጭማሪው ከሰው ሥራ መምጣቱ በሌሎች ልኬቶች የተረጋገጠ ነው። ለምሳሌ በአየር ውስጥ ያለው የካርቦን ዓይነት ድርሻ ከነዳጅ ቃጠሎ እንደሚጠበቀው ሲለወጥ ተለክቷል፤ በአየር ውስጥ ያለው ኦክስጅንም ከቃጠሎ ጋር በሚሄድ መልኩ በጥቂቱ እየቀነሰ ነው። እነዚህ ግን በሌላ ግራፍ ወይም በምንባቡ ውስጥ ያሉ ማስረጃዎች ናቸው። ጥያቄው «በግራፉ መሠረት» ብሎ ከጀመረ፣ እውነት መሆኑን የምናውቀውን ነገር እንኳ ግራፉ ካላሳየው መጻፍ የለብንም። «በምንባቡና በግራፉ መሠረት» ካለ ግን ሁለቱን አያይዘን እንመልሳለን። ጎበዝ ተማሪዎች ነጥብ የሚያጡበት ቦታ ይህ ነው፤ ብዙ ስለሚያውቁ ከተጠየቁት አልፈው ይመልሳሉ።

አንድ የቀረ ነገር አለ፤ ያልተለካው። በኖቬምበር 2022 ማውና ሎዋ እሳተ ገሞራ ፈነዳ፤ የቀለጠው ድንጋይ ወደ ጣቢያው የሚወስደውን መንገድና የመብራት መስመር ቆረጠ፣ ልኬቱም ተቋረጠ። ሳይንቲስቶቹ በሰሜን በኩል ባለው በማውናኬያ ተራራ ላይ መሣሪያ ተክለው እስከ ጁላይ 2023 ድረስ ከዚያ ለኩ። ግራፉ ላይ መስመሩ ሳይቆረጥ ይቀጥላል፤ የቦታውን ለውጥ የሚናገረው የግርጌ ማስታወሻው ነው። «የሜይ 2023 ቁጥር የተለካው የት ነው?» የሚል ጥያቄ ቢመጣ የግራፉን ርዕስ ብቻ ያነበበ ሰው ማውና ሎዋ ብሎ ይሳሳታል።

ከዚያ በፊት በ1964 መጀመሪያ ላይም በገንዘብ እጥረት ምክንያት ከፌብሩዋሪ እስከ ኤፕሪል የሦስት ወር ልኬት ቀርቷል። ሥራውን የጀመረው የስክሪፕስ ተቋም በሚያወጣው ሠንጠረዥ ውስጥ እንዲህ ያሉ ባዶ ወራት -99.99 ተብለው ተጽፈዋል። ይህ ቁጥር መጠን አይደለም፤ «አልተለካም» የሚል ምልክት ነው። ያን ሳያውቅ የአሥራ ሁለቱን ወራት ቁጥር ደምሮ ለ12 ያካፈለ ሰው፣ ዘጠኙ ወራት ወደ 320 ሆነው ሦስቱ ከዜሮ በታች 100 ገደማ ስለሆኑ፣ 215 የሚል አማካይ ያገኛል። ስህተት መሆኑን የሚያጋልጡት ጎረቤቶቹ ናቸው፦ በ1963 319፣ በ1965 320 ነበር። በመካከላቸው 215 ሊኖር አይችልም።

ሦስቱን ወራት ትቶ የቀሩትን ዘጠኝ ለ9 ማካፈል በጣም ይሻላል፤ ሆኖም እሱም ፍጹም አይደለም። የጠፉት ወራት መጠኑ ወደ ሜይ ከፍታ የሚወጣባቸው፣ ከዓመቱ አማካይ በላይ የሆኑ ወራት ናቸው። እነሱ ሲጎድሉ አማካዩ ግማሽ ፒፒኤም ያህል ዝቅ ይላል። ስለዚህ ሳይንቲስቶቹ የጎደሉትን ወራት የሞሉት የሌሎች ዓመታት ከፍና ዝቅ ምን ይመስል እንደነበር አይተው በግምት ነው። መስመሩ በ1964 ላይ ያልተቆረጠበት ግራፍ ካጋጠመን ያቺን ቁራጭ የሠራት ልኬት ሳይሆን ግምት ነው።